ለውጭ አቅራቢ የሚፃፍ አቤቱታ፦ ንግግሩ ይለዝብ፣ ጥያቄው አይላላ

ጥያቄው፦ «ከውጭ ሴራሚክ አዘን 800 ካርቶን መጣልን፣ ከዛ ውስጥ 96ቱ ካፀደቅነው ሳምፕል ጋር ቀለማቸው አይገናኝም። ተናድጄ ኢሜይል ፅፌ ልልክ ስል አለቃዬ አይቶት ይሄን ከላክሽ ሰዎቹ ይቀየሙናል አለኝ። የፃፍኩት ይሄ ነው፦ "የላካችሁት እቃ ቆሻሻ ነው። ሆን ብላችሁ የተረፋችሁን ነው የጫናችሁብን። ከእናንተ ጋር መስራታችን ራሱ ስህተት ነበር። አሁኑኑ ገንዘባችንን መልሱ፣ አለበለዚያ በጠበቃ እንነጋገራለን።" አለስልሼ ብፅፈው ደሞ የሚንቁን መሰለኝ። እንዴት ላድርገው?»

ማለዘብ ማለት ጥያቄን መቀነስ አይደለም፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። አንድ አቤቱታ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ እቃው ላይ ምን እንደተገኘ፣ ስለ ሰዎቹ ምን እንደምታስቢ፣ ምን እንዲደረግልሽ እንደምትፈልጊ፣ እና እስከ መቼ። ከነዚህ ውስጥ መነካት ያለበት ሁለተኛው ብቻ ነው፣ እሱም የሚለዝብ ሳይሆን ጭራሽ የሚወጣ ነው። ሌሎቹ ሶስቱ ግን አሁን ካሉበት በጣም መጥበቅ አለባቸው። ረቂቅሽ የተገላቢጦሽ ነው የሆነው፣ ስለ ሰዎቹ የምታስቢው ሞልቶታል፣ እቃው ላይ የተገኘው ነገር ግን ቁጥር የለውም፣ ጥያቄሽ ልኩ አይታወቅም፣ ቀንም የለም። ስለዚህ ሀይለኛ ይመስላል እንጂ ተቀባዩ በቀላሉ የሚያልፈው ደብዳቤ ነው።

አንድ በአንድ እንየው። «እቃው ቆሻሻ ነው» ስትያቸው 704 ካርቶን ደህና መሆኑን አንቺም ታውቂያለሽ፣ እነሱም ያውቃሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መልሳቸው «የትኛው?» ይሆናል፣ ወይ ደሞ የደህናውን ፎቶ ከፋብሪካ አውጥተው ይልኩልሽና ያጋነንሽው አንቺ ትሆኛለሽ። «ሆን ብላችሁ» የሚለውን ማስረዳት አትችዪም፣ ማስረዳትም አያስፈልግሽም፣ ምክንያቱም ሆን ተብሎም ይሁን በስህተት 96 ካርቶኑ ካፀደቅሽው ውጪ ነው፣ መብትሽ እዛ ላይ ነው ያለው። ይሄን ቃል ከፃፍሽ በኋላ ግን ክርክሩ ከቀለሙ ይወጣና «እኛ እንደዛ አይነት ድርጅት አይደለንም» ወደሚል ይሄዳል፣ ከዛ መመለሱ ከባድ ነው። «ከእናንተ ጋር መስራታችን ስህተት ነበር» ደሞ ከሁሉም የሚጎዳሽ ነው። ከፍለሽ ጨርሰሽ ከሆነ በእጅሽ የቀረው ትልቁ ነገር የሚቀጥለው ትእዛዝ ነው፣ አንቺ ግን በአንድ አረፍተ ነገር ሌላ ትእዛዝ እንደማይመጣ ነገርሻቸው፣ ታድያ ለምን ብለው ወጪ ያወጣሉ? «ገንዘባችንን መልሱ» ሲባል የ800ውን ነው የ96ቱን? «አሁኑኑ» ደሞ ቀን አይደለም፣ ያለፈ መሆኑንም ያላለፈ መሆኑንም ማንም ሊናገር አይችልም።

ጠበቃ የምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ጠበቃ ሲጠራ የሚፈጠረው ነገር ሰው እንደሚያስበው ፍርሃት አይደለም፣ ዝምታ ነው። ኢሜይልሽን የሚቀበለው የሴልስ ሰራተኛ ከዛ በኋላ በራሱ መልስ የመስጠት ነፃነት አይኖረውም፣ ለአለቃው ያስተላልፋል፣ አለቃውም ለህግ ሰው ያሳያል፣ የህግ ሰው ደሞ የመጀመሪያ ምክሩ «ምንም እንዳታምኑ» ነው። በሁለት ቀን «አዎ ከመጋዘን ሲጫን ተቀላቅሎ ነው» ብሎ ሊያምንልሽ የነበረ ሰው አሁን አፉን ይዘጋል። ይሄን መንገድ አትጠቀሚ አልልሽም፣ ጊዜው ሲደርስ ነው እንጂ።

አሁን ማን እንደሚያነበው እናስብ፣ ምክንያቱም የአነጋገሩ ልክ የሚወሰነው ከዚህ ነው። ደብዳቤሽን የሚከፍተው ሰው ሴራሚኩን አላመረተም፣ አልጫነም፣ ካሳ የመፍቀድም ስልጣን አብዛኛውን ጊዜ የለውም። ስራው ያንቺን ጉዳይ ይዞ ወደ ጥራት ክፍል፣ ወደ መጋዘን፣ ወደ ስራ አስኪያጁ መሄድ ነው። ስለዚህ አንቺ የምትፅፊው ለሱ ብቻ ሳይሆን እሱ ሳይነካካ ወደ ላይ እንዲያስተላልፈው ነው። ስድብ ያለበትን ኢሜይል ማንም ለአለቃው ፎርዋርድ አያደርግም፣ ደንበኛ አስቆጣህ ተብሎ ራሱ ይጠየቅበታል። ምን ያደርጋል መሰለሽ፣ በራሱ ቃል አሳጥሮ «አንድ ደንበኛ ስለ ቀለም ቅሬታ አለው» ብሎ ይልካል፣ ቁጥርሽም ቀንሽም ፎቶሽም እዛ ላይ ይቀራል። ከአቅራቢዎች ጋር በሰራሁባቸው አመታት ያየሁት ይሄ ነው፣ በፍጥነት ካሳ የሚያገኘው አቤቱታ ሴልሱ አንድ ቃል ሳይቀይር ወደ ላይ ሊልከው የሚችለው ነው።

ከዚህ በመነሳት አፃፃፉ ላይ አንድ ነገር ያዢ። ጉድለቱን ስትናገሪ የአረፍተ ነገሩ ባለቤት እቃው ይሁን፣ መፍትሄውን ስትጠይቂ ግን የአረፍተ ነገሩ ባለቤቶች እነሱ ይሁኑ። «የተሳሳተ እቃ ላካችሁብን» ከማለት «በ96 ካርቶን ላይ ያለው የሼድ ኮድ ከፀደቀው ይለያል» በይ፣ የሼድ ኮድ ማለት ፋብሪካው ካርቶኑ ላይ የሚያትመው የቀለም ምልክት ነው። ሁለቱም አንድ እውነት ነው የሚናገሩት፣ ሁለተኛው ግን ለማስተባበል አይመችም፣ ሰውን አይከስም፣ ካርቶኑን ያሳያል። መፍትሄው ላይ ስትደርሺ ግን እንደዚህ ድፍንፍን አታድርጊው፣ «ጉዳዩ መፍትሄ ቢያገኝ ደስ ይለናል» ከተባለ ማን ነው መፍትሄ የሚሰጠው? እዛ ላይ «እስከዚህ ቀን ይሄን እንድታደርጉልን እንጠይቃለን» ብለሽ በግልፅ ስራውን ለነሱ ስጪያቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ያደርጋል፣ ጥፋቱን ሲናገር ጣቱን ይቀስራል፣ ጥያቄው ላይ ሲደርስ ይሽኮረመማል።

በዚህ ምክንያት አለስልሱ ሲባሉ ብዙዎች የሚሰሩት ስህተት ደሞ አለ፣ አንቺም የፈራሽው ንቀት የሚመጣው ከዛ ነው። «ስለማስቸግራችሁ በጣም ይቅርታ»፣ «ትንሽ ችግር አጋጥሞን ነበር»፣ «ከተቻለ ብታዩልን»፣ «እንደሚመቻችሁ»። ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል፣ «ትንሽ» የሚለውን ደሞ ቆይተው መልሰው ይጠቅሱልሻል፣ ራሳችሁ ትንሽ ብላችኋል እኮ ብለው። ነገሩ የአክብሮት ጉዳይ ብቻም አይደለም፣ የመብት ጉዳይም አለበት። በ1980 ቪየና ላይ የወጣው የተባበሩት መንግስታት የአለም አቀፍ እቃ ሽያጭ ኮንቬንሽን፣ የሁለታችሁም አገራት አባል ከሆኑና ውላችሁ ካላስወጣው የሚመለከታችሁ ነው፣ አንቀፅ 39 ላይ ገዢው ጉድለቱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በተገቢ ጊዜ ውስጥ የጉድለቱን አይነት ለይቶ ካላሳወቀ በጉድለቱ የመከራከር መብቱን ያጣል ይላል፣ በማንኛውም ሁኔታ ደሞ እቃው እጁ ከገባ ከ2 አመት አያልፍም። «የጉድለቱን አይነት ለይቶ» የሚለውን ልብ በይው። «እቃው ቆሻሻ ነው» አይነቱን አይለይም፣ «ትንሽ ችግር አለ» ም አይለይም። ስለዚህ የተናደደውም የተሽኮረመመውም ደብዳቤ እዚህ ጋር እኩል ይወድቃሉ። ኮንቬንሽኑ ባይመለከታችሁ እንኳን ፕሮፎርማ ኢንቮይሱን ከታች ድረስ አንብቢው፣ ቅሬታ በስንት ቀን ውስጥ መቅረብ እንዳለበት የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አለው፣ አንዳንዱ በጣም አጭር ነው፣ ቀኑን ከማንም በፊት አንቺ ማወቅ አለብሽ።

አንድ ቃል ከመፃፍሽ በፊት ደሞ ማረጋገጥ ያለብሽ ነገር አለ፣ ሴራሚክ ስለሆነ በተለይ። የሴራሚክ ቀለም በእያንዳንዱ የምርት ዙር ትንሽ ይለያያል፣ የጭቃው ቅይጥና የእቶኑ ሙቀት ትንሽ ሲቀያየር ቀለሙም ይቀያየራል፣ ለዚህ ነው ፋብሪካዎች ካርቶኑ ላይ የሼድ ኮድ እና የመጠን ኮድ የሚያትሙት። አንድ ዲዛይን፣ አንድ ስም፣ ግን የተለያየ ሼድ ጎን ለጎን ሲነጠፍ መስመሩ ከሩቅ ይታያል። ስለዚህ ቁራጩን ብቻ ሳይሆን ካርቶኑን እዪ። እንበልና የፀደቀው ሳምፕልና 704ቱ ካርቶን 07 የሚል የሼድ ኮድ አላቸው፣ 96ቱ ደሞ 11 ይላል። እንደዚህ ከሆነ ክርክሩ አልቋል ማለት ነው፣ ምክንያቱም «ለኔ አይን ይለያል» ማለት ቀርቶ «የራሳችሁ ማተሚያ የተለየ ነው ይላል» ሆነ። ኮዱ አንድ ሆኖ ቀለሙ ብቻ የሚለይሽ ከሆነ ግን ስራሽ ይከብዳል፣ ከሁለቱም አምስት አምስት ቁራጭ አውጥተሽ ከተፈረመበት ሳምፕል ጋር መሬት ላይ ደርድሪና በቀን ብርሃን፣ ቆመሽ፣ ከተወሰነ ርቀት አንሺው፣ ፍላሽ አትጠቀሚ፣ መብራት ስር የተነሳ ፎቶ ቀለም ይቀይራል ብለው ይመልሱታል።

ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከ96ቱ አንድም ካርቶን እንዳይነጠፍ። ከተነጠፈ በኋላ ቅሬታ አንቀበልም የሚለው በሴራሚክ ንግድ በጣም የተለመደ ሁኔታ ነው፣ ካርቶኑ ላይም ታትሞ ታገኚዋለሽ። ለየት አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ፓሌቱ ሳይፈታ ያለ ካለ እንደታሸገ ይቆይ፣ እቃ ተረካቢው «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሞ ከሆነም አሁኑኑ እወቂው፣ ኋላ ከነሱ አፍ ከምትሰሚው።

ቀጥሎ ምን ልጠይቅ የሚለው ነው፣ እዚህ ላይ ነው ደብዳቤው የሚጠብቀው። የመጀመሪያ ሀሳብሽ «96 ካርቶን ቀይሩልን» ሊሆን ይችላል፣ ግን አስቢበት፣ አዲስ አምርተው ቢልኩልሽ የአዲሱ ምርት ሼድ 07 ላይሆን ይችላል፣ ሶስተኛ ቀለም መጣልሽ ማለት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ከዛው ከ07 ምርት መጋዘናችሁ ውስጥ 96 ካርቶን ቀርቷል ወይ?» ነው። ይሄን የሚጠይቅ ገዢ ስራውን የሚያውቅ መሆኑን ሳይናገር ተናገረ፣ ንቀት እዛ ላይ ያልቃል። ክብደቱንም አስቢው፣ 60 በ60 የሆነ ካርቶን ባለ 4 ቁራጭ 1.44 ካሬ ይሸፍናል፣ ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ 96ቱ ሶስት ቶን ሊጠጋ ነው። በአውሮፕላን ላኩልኝ ማለት አቅራቢው ከመጀመሪያው እንዳይሰማሽ ማድረግ ነው፣ በመርከብ ከሌላ ጭነት ጋር ወይ ከሚቀጥለው ኮንቴይነርሽ ጋር ነው የሚሆነው። ጊዜ ከሌለሽ ደሞ ምትኩን ተዪና የ96ቱን ዋጋ በኢንቮይሱ ሂሳብ፣ ከመጓጓዣ ድርሻው ጋር፣ እንዲመልሱልሽ ጠይቂ። ሁለት አማራጭ ስጫቸው፣ ሶስትና አራት አታድርጊው። ምርጫ ያለው ሰው እምቢ ከማለት ይልቅ መምረጥ ይቀለዋል፣ አማራጮቹን ያወጣሽው ግን አንቺ ነሽ።

እንግዲህ እኔ ብሆን የምልከው ይሄን ነው። ኢሜይሉ ርእስ ላይ የትእዛዝ ቁጥሩን፣ «96 ካርቶን፣ የሼድ ልዩነት»፣ እና «መልስ እስከ 14 ማርች» ብለሽ አስገቢ፣ ከዛ፦

«የትእዛዛችን ሴራሚክ በ3 ማርች ደርሶናል፣ ኮንቴይነሩም በማሸጊያ ቁጥሩ እንደታሸገ ነው የተከፈተው። 704 ካርቶን ካፀደቅነው ሳምፕል ጋር ይስማማል፣ ስለሱ ምንም ቅሬታ የለንም።

ቀሪው 96 ካርቶን ግን፣ በ3 ፓሌት ላይ የሚገኘው፣ የሼድ ኮዱ 11 ነው፣ የፀደቀው ሳምፕልና ቀሪው ጭነት 07 ነው። ልዩነቱ ጎን ለጎን ሲቀመጥ በግልፅ ይታያል፣ ስለዚህ በአንድ ወለል ላይ ልንጠቀምበት አንችልም። የካርቶኖቹን ፅሁፍና ከሳምፕሉ ጋር በቀን ብርሃን የተነሱ ፎቶዎችን አያይዘናል። 96ቱን ለብቻ አስቀምጠናል፣ አንድም አልነጠፍንም፣ ልታዩት ብትፈልጉ ዝግጁ ነው።

ከዚህ በፊት በነበረን ስራ እንዲህ አይነት ነገር ስላላጋጠመን እቃው ሲለይ ወይም ሲጫን የሁለት ምርት ካርቶኖች የተቀላቀሉ ይመስለናል፣ እናንተ ከመዝገባችሁ በቀላሉ የምታረጋግጡት ይሆናል።

ከሚከተሉት አንዱን እንድትፈፅሙልን እንጠይቃለን። ከ07 ምርት በመጋዘናችሁ የቀረ ካለ 96 ካርቶን በእናንተ ወጪ እንድትልኩልን፣ ከሌለ ደግሞ የ96 ካርቶኑን ዋጋና የመጓጓዣ ድርሻውን እንድትመልሱልን። የንጣፍ ስራው በ20 ማርች ስለሚጀምር የትኛውን እንደመረጣችሁ እስከ አርብ 14 ማርች በፅሁፍ እንድታሳውቁን እንፈልጋለን።

ይህ ደብዳቤ በውላችን ያሉንን ሌሎች መብቶች አያስቀርም። ጉዳዩን በፍጥነት ዘግተን የሚቀጥለውን ትእዛዝ ለመነጋገር ፍላጎታችን ነው።»

አሁን አነጋገሩን ተመልከቺው። «እባካችሁ»ም «ይቅርታ»ም የለውም፣ ስድብም የለውም፣ ግን ከረቂቅሽ የበለጠ ይጠይቃል። የመጀመሪያው አንቀፅ ደህና የሆነውን 704 ስለተናገረ ሳይጋነን የተፃፈ መሆኑ ይታመናል፣ ይሄ ለማስደሰት የተጨመረ ማለስለሻ አይደለም፣ ለ96ቱ የሚሰጠው ቃል እንዲታመን ነው። ከዚህ አልፈሽ ግን «እቃችሁ በአጠቃላይ በጣም አሪፍ ነው» እንዳትዪ፣ አንድ ቀን ጉዳዩ ወደ ክርክር ከሄደ ያ መስመር ነው የሚነበበው።

ሶስተኛው አንቀፅ ላይ ያለችው «የተቀላቀሉ ይመስለናል» የምትለው መስመር የክብር መውጫ ናት። ሰው ሌባ ከሚባል ተሳስቷል ቢባል ማመን ይቀለዋል፣ ስለዚህ እንዲያምን የሚመቸውን በር አንቺው ክፈቺለት። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋታል፣ የምትጠቅሺው ምክንያት በነሱ በኩል የተፈጠረ መሆን አለበት። «ምናልባት ወደብ ላይ ተቀያይሮ ይሆናል» ብለሽ ለትህትና ብትፅፊ ጥፋቱን በራስሽ እጅ ከነሱ ላይ አነሳሽላቸው፣ በፍጥነት «ልክ ናችሁ፣ ወደብ ላይ ነው» ይሉሻል። መቀላቀሉ በእውነት ለመጀመሪያ ጊዜ ካልሆነም «ከዚህ በፊት አላጋጠመንም» የሚለውን አውጪው፣ ያላመንሽበትን ለአክብሮት ብለሽ አትፃፊ።

ቀኑ ደሞ ምክንያት አለው፣ 20 ስራ ይጀምራል ስለዚህ 14። ምክንያት የሌለው ቀን ማስፈራሪያ ይመስላል፣ ምክንያት ያለው ቀን ግን የስራ ፕሮግራም ነው፣ ሴልሱም ለአለቃው «ሰዎቹ በ20 ስራ ይጀምራሉ» ብሎ ሊከራከርልሽ ይችላል። የወሩን ስም በፊደል ፃፊው፣ በቁጥር ብቻ 03/04 ብለሽ ብትልኪ አሜሪካዊ ማርች 4 ብሎ ያነበዋል፣ አብዛኛው አለም ግን ኤፕሪል 3። «ሌሎች መብቶች አያስቀርም» የምትለዋን ደሞ አንዴ ብቻ፣ ሳታጋንኚያት አስገቢያት፣ ጠበቃ ሳትጠሪ ጠበቃ ሊፅፈው የሚችለውን ፅፈሻል። ፎቶ ከአምስት ስድስት አይብለጥ፣ በየፎቶው ስር ምን እንደሚያሳይ አንድ መስመር ይኑረው፣ ስድሳ ፎቶ የላከ ሰው ምንም እንዳልላከ ነው የሚታየው፣ ማንም አይከፍተውም።

ሌላ ማስተካከል ያለብኝ፣ ይሄ ሁሉ የሚሰራው ጉድለቱ በእውነት የአቅራቢው ሲሆን ነው። የሼድ ጉዳይ ከፋብሪካ የሚመጣ ስለሆነ ያንቺ ጉዳይ ላይ ጥርጥር የለም። ሴራሚኩ ተሰብሮ ቢሆን ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የት ተሰበረ ነው። ኤፍኦቢ እና ሲአይኤፍ በሚባሉት የሽያጭ ስምምነቶች ስትገዢ እቃው መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው አደጋ ያንቺ ነው፣ በሲአይኤፍ ኢንሹራንሱን ሻጩ ይግዛው እንጂ አደጋው ወዳንቺ ተላልፏል። ስለዚህ ባህር ላይ ለደረሰ ስብራት አቅራቢውን ብትወቅሺው የተሳሳተ በር ነው የምታንኳኪው፣ ኢንሹራንሱና አጓዡ ናቸው የሚጠየቁት፣ እነሱ ጋር ደሞ ማሳወቂያ ጊዜው በቀናት የሚቆጠር ነው። አስተሻሸጉ ደካማ በመሆኑ የተሰበረ ከሆነ ብቻ ነው ጥያቄው ወደ አቅራቢው የሚመለሰው።

ከላክሽ በኋላ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ከሶስቱ አንዱ ነው። የመጀመሪያው «በጣም እናዝናለን፣ እናጣራለን» ነው። ይሄ መልካም ንግግር ነው፣ ቃል መግባት ግን አይደለም፣ ተረጋግተሽ አትቀመጪ። በዛው ቀን «እናመሰግናለን፣ የማጣራቱን ውጤት እስከ 14 ማርች እንጠብቃለን» ብለሽ በሁለት መስመር መልሺ። ሁለተኛው «ለሚቀጥለው ትእዛዝ ቅናሽ እናደርጋለን» ነው። አትቸኩዪ፣ ይሄ ማለት ካሳሽን ለማግኘት መጀመሪያ ሌላ ገንዘብ ክፈዪ ማለት ነው። በእርግጥ ልታዢ ካሰብሽና መጠኑ የ96ቱን ዋጋ የሚሞላ ከሆነ መጥፎ አይደለም፣ ግን መጠኑ በቁጥር በክሬዲት ኖት፣ ማለትም ይሄን ያህል ይቀነስልሻል በሚል ሰነድ ይፃፍ፣ የሚቀጥለው ትእዛዝ ዋጋ ከፍ ብሎ ቅናሹ በዛ እንዳይበላም ፕሮፎርማውን ከአሮጌው ጋር አስተያዪ። ሶስተኛው «ትንሽ የሼድ ልዩነት የተለመደ ነው» ነው። እዚህ ላይ መናደድ ይመጣል፣ ግን መልሱ አጭር ነው፣ «በአንድ ሼድ ውስጥ ስላለ ትንሽ ልዩነት አይደለም የምንናገረው፣ ካርቶኖቹ ላይ በራሳችሁ የታተሙ ሁለት የተለያዩ ኮዶች አሉ፣ ትእዛዙ የፀደቀው በ07 ነው» በይ፣ ፎቶውን መልሰሽ አያይዢ፣ ሌላ ነገር አትጨምሪ።

ቀኑ ካለፈና ዝም ካሉ ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው ያጠረ እንጂ የጮኸ አይሁን። የመጀመሪያውን ከታች አያይዘሽ፣ «14 ማርች አልፏል፣ መልስ አላገኘንም፣ እስከ 18 ማርች ካልደረሰን የ96 ካርቶኑን ዋጋ ተመላሽ እንደመረጥን እንቆጥራለን» ትያለሽ፣ ስራ አስኪያጁን በኮፒ ታስገቢያለሽ። ኮፒ ማስገባትሽን ለሴልሱ ቀድመሽ በአንድ መስመር ብትነግሪው ጥሩ ነው፣ ከጀርባው የከሰስሽው አይመስለውም፣ አንዳንዴም ያቺ መስመር ራሷ መልስ ታመጣለች። ከዛ በኋላ ነው ውላችሁ ላይ ያለውን የክርክር አንቀፅ ጠቅሰሽ መደበኛ ማስጠንቀቂያ የሚላክ፣ ጠበቃም የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በየደረጃው የሚጨምረው ዝርዝሩና የተቀባዩ ስልጣን ነው፣ ቃላቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ አይነት ይሁኑ።

ይሄ ሁሉ ግን ልክ አለው፣ ልኩም ክፍያው ላይ ነው ያለው። የተለመደው 30 ከመቶ ቅድሚያና 70 ከመቶ በጭነት ሰነዱ፣ በቢል ኦፍ ሎዲንግ ኮፒ ከሆነ እቃውን ሳታዪ ከፍለሽ ጨርሰሻል፣ ክፍያው በባንክ ዋስትና በኤልሲ ከሆነም ባንኩ የሚያየው ወረቀቱን እንጂ እቃውን አይደለም፣ ወረቀቱ ከተስማማ ይከፍላል። በዚህ ጊዜ ያለሽ አቅም ማስረጃሽና የወደፊት ስራው ነው፣ ጥሩ ደብዳቤ እነዚህን በደንብ ይጠቀምባቸዋል እንጂ ከሌለ አይፈጥራቸውም። ያልከፈልሽው ቀሪ ካለ ደሞ ሙሉውን እንዳትይዢ፣ 96 ከ800 12 ከመቶ ነው፣ የ12 ከመቶውን ይዘሽ ቀሪውን ክፈዪ፣ ከመያዝሽ በፊትም ውልሽ ይፈቅድ እንደሆነ ተመልክተሽ በፅሁፍ ንገሪያቸው። ለ12 ከመቶ ጉድለት 70 ከመቶ የያዘ ገዢ ውል ያፈረሰው እሱ ሆኖ ነው የሚገኘው።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ አጥፊው፣ ዛሬ ኮዶቹን ቆጥረሽ ፎቶ አንሺ፣ ነገ ጠዋት ከላይ ያለውን በራስሽ ቁጥሮች ሞልተሽ ላኪ። ከመላክሽ በፊት ጉዳዩን የማያውቅ የስራ ባልደረባሽ ያንብበውና ሶስት ነገር ጠይቂው፦ ስንት ካርቶን፣ ምን ይፈልጋሉ፣ እስከ መቼ። አንዱን እንኳን ሳያመነታ ካልመለሰ እዛች ጋር አስተካክዪ። በስልክ ወይ በቻት የሚነግሩሽን ነገር ሁሉ ደሞ በዛው ቀን «ዛሬ በስልክ እንደተስማማነው» ብለሽ በኢሜይል መልሰሽ ላኪላቸው፣ ክሬዲት ኖቱ ወይ የጭነት ሰነዱ እጅሽ እስኪገባ ድረስም 96ቱ ካርቶን ካለበት አይነቃነቅ።